ከቤቱ ቀድሞ የታጠፈ ሐሳብ፦ የሚልተን 19ኛው ሶኔት

ጆን ሚልተን የዓይኑን ብርሃን ካጣ በኋላ የጻፈው ሶኔት አሥራ አራት ስንኝ ብቻ ነው። በ1673 በታተመው የግጥም ስብስቡ ውስጥ ይገኛል፤ በብዙ እትሞች 19ኛ ተብሎ ይቆጠራል። «ስለ ዓይነ ስውርነቱ» የሚለውን የታወቀ ርዕስ የሰጠው ገጣሚው ራሱ አይደለም፤ ከሞተ በኋላ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን፣ ሥራዎቹን ያሳተመ ሰው ነው። ይህ ዳሰሳ በግጥሙ አንድ ስፍራ ላይ ይቆያል፤ በስምንተኛው ስንኝ መካከል። ሐሳቡ እዚያ ይታጠፋል፤ ሊታጠፍ ከሚጠበቅበት ስፍራ ግማሽ ስንኝ ያህል ቀድሞ ነው የሚታጠፈው። የግጥሙ ትልቁ ጥበብም፣ እኔ እንደማየው ጉድለቱም፣ የሚጀምረው ከዚህችው ግማሽ ስንኝ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቅርጹ። በጣሊያን ሥርዓት የሚጻፍ ሶኔት ለሁለት ይከፈላል። የፊተኞቹ ስምንት ስንኞች በሁለት ዓይነት ቤት ብቻ እየተመላለሱ ይመታሉ፤ የኋለኞቹ ስድስት አዲስ ቤት ይዘው ይመጣሉ። ስምንቱ አንድ ጉዳይ፣ አንድ ጥያቄ ወይም አንድ ብሶት ያነሣሉ፤ ስድስቱ ይመልሱለታል፣ ይሞግቱታል፣ አለዚያም ከሌላ አቅጣጫ ያዩታል። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐሳብ እጥፋት ጣሊያኖቹ ቮልታ ይሉታል። በሼክስፒር መልክ ግን ሦስት ባለ አራት ስንኝ አንጓዎችና አንድ መዝጊያ ጥንድ ስላሉ፣ እጥፋቱ አንዳንድ ጊዜ ዘጠነኛው ስንኝ ላይ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ መዝጊያው ጥንድ ዘግይቶ ይመጣል። ሚልተን የመረጠው የጣሊያኑን ነው። በወጣትነቱ በጣሊያንኛ ቋንቋ ሶኔቶችን የጻፈ ሰው እንደመሆኑ፣ እጥፋቱ የት መዋል እንዳለበት ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ሲያጥፈው ሥርዓቱ ጠፍቶት አይደለም።

ግጥሙ ሲከፈት ተናጋሪው ዕድሜው ሳይጋመስ ብርሃኑ እንዳለቀበት ያስባል። ሚልተን በ1652 ሁለቱም ዓይኖቹ ፈጽመው ጠፍተው ነበር፤ ገና 43 ዓመቱ ነው፤ የእንግሊዝ ሪፐብሊክ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚጻጻፍበት ጸሐፊም ነበር። ማንበብና መጻፍ እንጀራው ብቻ ሳይሆን ለፈጣሪው የሚያቀርበው አገልግሎት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ስለዚህ ወደ ማቴዎስ ወንጌል 25 ይሄዳል፤ መክሊቱን ወደ ቀበረው አገልጋይ። በዓቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ፣ በገብር ኄር፣ ይህን ወንጌል ሲነበብ የሰማ አንባቢ የተናጋሪውን ፍርሃት ለመረዳት የግርጌ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጌታው ተመልሶ ሲመጣ ሒሳብ ይጠይቃል፤ መክሊቱ ግን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ልዩነቱ ወንጌል ውስጥ ያለው ሰው መክሊቱን የቀበረው በገዛ እጁ መሆኑ ነው። እዚህ ግን ዓይኑን የነሣው ሌላ ነው። በሰባተኛው ስንኝ ላይ የሚፈነዳው ጥያቄም ከዚህ ልዩነት የተወለደ ነው፤ ብርሃን የነሣ አምላክ የቀን ሥራ ይጠይቃልን? የሚል ቅሬታ።

አሁን አወቃቀሩን ቀረብ ብለን እንይ። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ ስምንተኛው አጋማሽ ድረስ ያለው ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በጊዜ አመልካች ሐረግ ይከፈትና ሐረግ በሐረግ ላይ ይደረባል፤ ዋናው ግሥ፣ ተናጋሪው መጠየቁን የሚናገረው ግሥ፣ ስምንተኛው ስንኝ ላይ እስክንደርስ አይመጣም። እኛ ግሥን መጨረሻ ላይ መጠበቅ የለመድን ነን፤ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ግን ይህ ትንፋሽ የሚያሳጥር መዘግየት ነው። ስንኞቹም በየመጨረሻቸው አያርፉም፤ ሐሳቡ ከአንዱ ወደሚቀጥለው ይፈስሳል። ቅሬታው ማረፊያ አጥቶ እየተንከባለለ እንደሚያድግ የምናውቀው ከተናገረው ነገር ይልቅ ከዚህ አሰካክ ነው።

በዚህ ጉዞ መካከል፣ አራተኛው ስንኝ ላይ፣ «ምንም እንኳ» የሚል ትርጉም ያለው ማያያዣ አለ። እጥፋትን በማያያዣ ብቻ የሚያድን አንባቢ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ተናጋሪው የሚለው መክሊቱ ሥራ ቢፈታም ነፍሱ ለማገልገል ከቀድሞ ይልቅ መዘንበሏን ነው። ይህ ክርክሩን አቅጣጫ አያስለውጠውም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል። ማገልገል የሚፈልግ ሰው ከአገልግሎት መከልከሉ ቅሬታውን ያከብደዋልና። አንዱ መፈተኛ ይህ ነው፤ ከማያያዣው በፊት የነበረው ሙግት ከማያያዣው በኋላ በዚያው መንገድ የሚቀጥል ከሆነ፣ ያ ተቃርኖ ቢሆንም እጥፋት አይደለም።

እውነተኛው እጥፋት ስምንተኛው ስንኝ ላይ ነው። ረጅሙ ዓረፍተ ነገር በዋናው ግሥ ይዘጋል፤ ከዚያ በዚያው ስንኝ ላይ «ግን» ይመጣና ትዕግሥት እንደ ሰው ሆና ለመናገር ትነሣለች። እዚህ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አንደኛ፣ ተናጋሪው «ግን» ከማለቱ በፊት መጠየቁን ሞኝነት ብሎ ይጠራዋል። ፍርዱ ከማያያዣው ይቀድማል ማለት ነው። ያን የተውሳከ ግሥ ፍርድ በትኩረት የሚያነብ ሰው እጥፋቱን ከመምጣቱ በፊት ይሰማዋል። ሁለተኛ፣ የስንኙ የመጨረሻ ቃል በፊተኞቹ ስምንት ስንኞች ቤት ይመታል። ጆሮ «ገና ቅሬታው ውስጥ ነን» ይላል፤ ሐሳቡ ግን ወጥቷል። ትዕግሥት የገባችው የቅሬታው ክፍል ሳይዘጋ ነው። በዘጠነኛው ስንኝ መጀመሪያ ላይ ብትነሣ ኖሮ ተራዋን ጠብቃ የተናገረች ትሆን ነበር፤ አሁን ግን ነገር አቋርጣ የገባች ናት። ቅርጽ ትርጉም ሲሠራ ከዚህ የበለጠ ጥርት ያለ ምሳሌ ለማግኘት እቸገራለሁ።

«ግን» የሚለውን ቃል በጣት ሸፍነን ብናነብ እንኳ እጥፋቱ አይጠፋም። በፊተኞቹ ስምንት ስንኞች «እኔ»፣ «የእኔ» የሚሉ የመጀመሪያ መደብ ተውላጠ ስሞች ስምንት ጊዜ ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አይመጡም። ተናጋሪው ተለውጧል፤ ጥያቄው በማረጋገጫ ተተክቷል፤ አንዱ ረጅም ዓረፍተ ነገርም ተሰባብሮ በስንኝ መካከል የሚያርፉ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ሆኗል። ትንፋሽ ያጠረው ግጥም መተንፈስ ጀምሯል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን አንድ ቃል ነው። ማገልገል የሚለው ግሥ በአምስተኛው፣ በአሥራ አንደኛውና በአሥራ አራተኛው ስንኝ ላይ ይገኛል። በአምስተኛው ላይ ማገልገል ማለት መክሊትን ማትረፍ፣ ሠርቶ ማቅረብ ነው። በአሥራ አንደኛው ላይ የተሰጠውን ቀንበር በደንብ መሸከም ሆኗል። በመጨረሻው ላይ ደግሞ ቆሞ ትእዛዝ መጠበቅም ከአገልግሎት ይቆጠራል። ትዕግሥት የተናጋሪውን ጥያቄ በቀጥታ አልመለሰችም፤ ጥያቄው የቆመበትን ትርጉም ነው የለወጠችው። በእጥፋቱ ወዲህና ወዲያ የሚገኝ፣ ትርጉሙ ግን የተለወጠ ቃል ያገኘ አንባቢ የክርክሩን ማዞሪያ አግኝቷል።

ይህን ሁሉ ካደነቅሁ በኋላ የማልደብቃቸው ሁለት ቅሬታዎች አሉኝ። የመጀመሪያው ስለ ራሱ ስለ እጥፋቱ ነው። ግጥሙ ትዕግሥት የመጣችው ማጉረምረሙን ለማስቀረት እንደሆነ ይናገራል። ማጉረምረሙ ግን በሰባተኛው ስንኝ ላይ፣ በቀጥታ ንግግር፣ አንባቢው ጆሮ ገብቷል። በአንድ በኩል ይህን መከላከል ይቻላል፤ ጥያቄው በልብ ውስጥ የታሰበ እንጂ ከአፍ የወጣ አይደለም፤ ትዕግሥትም የቀደመችው አፍን ነው ሊባል ይችላል። ይህ መከራከሪያ ግጥሙን ከስህተት ያድነዋል፤ ከመቸኮል ግን አያድነውም። ሰባት ስንኝ ሙሉ የተገነባው ጥያቄ ከተነገረ በኋላ ሊሰማ የሚችልበት አንድ ስንኝ ያህል ዝምታ አላገኘም። አቋርጣ መግባቷ ውብ ነው፤ ያው መግባቷ ቅሬታውን ተገቢውን ክብር ነፍጎታል።

ሁለተኛውና የሚከብደው ስለ መልሱ ነው። ትዕግሥት አምላክ የሰውን ሥራ እንደማይሻ፣ ግርማው የንጉሥ ግርማ እንደሆነ፣ እልፍ መልእክተኞች በየብስና በባሕር እንደሚፈጥኑለት ትናገራለች። ይህ አባባል ግሩም ስፋት አለው፤ ከአንድ ሰው ጨለማ ወደ ዓለም ሁሉ ያወጣናል። ሆኖም የሚፈጥኑት መልእክተኞች መሥራት ለማይችለው ሰው መጽናኛ ከመሆናቸው ይልቅ ንጽጽራቸው ያምማል፤ የመጨረሻው ስንኝም ያን ሕመም ሳይነካ በአንድ ዝላይ ወደ ፍርዱ ይሄዳል። «እኔ» የሚለው ድምፅም አልተመለሰም። ተናጋሪው መልሱን ተቀበለ? ዝም አለ? ግጥሙ አይነግረንም። አንዳንድ አንባቢ በዚህ ዝምታ ውስጥ መገዛትን ያያል፤ ራሱን ከንግግሩ ያወጣ ሰው መጠበቅን ጀምሯል ማለት ነው ይላል። ንባቡ ማራኪ ነው፤ ከተውላጠ ስሞቹ መጥፋት ጋርም ይስማማል። እኔ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የምሄድለት። እጥፋት ክርክርን ሲያዞር የተከራከረውን ሰው ይዞ መዞር አለበት፤ እዚህ ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ዞሯል፣ ሰውየው መዞሩን ግን በግምት እንጂ በቃል አናውቅም። የመጨረሻው ስንኝ ከግጥሙ ተነጥሎ እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር በየቦታው ሊጠቀስ የቻለውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ከቅሬታው ጋር ያለው ትስስር የላላ ነውና።

ያም ሆኖ ፍርዴ ለግጥሙ ያደላል። የኋለኞቹ ስድስት ስንኞች መልስ ሊያከራክር ይችላል፤ ስምንተኛው ስንኝ ግን እንደ ሥራ አይነቀፍም። ግጥሙን በእንግሊዝኛ የምታነብቡ ሁሉ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ስምንተኛው ስንኝ መጨረሻ ላይ አትረፉ፣ መካከሉ ላይ እረፉ። እጥፋቱ ያለው እዚያ ነው።