«ቢናይን» ከተባለ ቢላዋው ለምን?

በቀዶ ጥገና ክፍላችን እንቅርት በብዛት እናያለን። ከእብጠቱ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰድና ፓቶሎጂስቱ ሴሎቹን በማይክሮስኮፕ አይቶ ውጤቱን ይጽፋል። «ቢናይን» የሚል ከመጣ ታካሚው ዳግመኛ ሐኪም ቤት መመለስ ያለበት አይመስለውም። «ማሊግናንት» ከሆነ ደግሞ ሞት የተፈረደበት ያህል ይደነግጣል።

ቢናይን እብጠት ባለበት ያድጋል እንጂ በዙሪያው ያለውን አካል ሰርስሮ አይገባም፤ በደም ወይም በንፍፊት በኩል ተጉዞም ሌላ ቦታ አይበቅልም። ይህን ማድረግ የሚችለው ማሊግናንት፣ ማለትም ካንሰር ነው። ቃሉ የሚነግረን የእብጠቱን ጠባይ ነው፤ ዛሬ ምን ያህል እየጎዳ እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። ፓፒላሪ የተባለው የእንቅርት ካንሰር ማሊግናንት ቢሆንም፣ በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛው ሰው ታክሞ ረጅም ዕድሜ ይኖራል።

አንዲት እናት ለብዙ ዓመታት እንቅርት ነበረባቸው። ውጤታቸው ቢናይን ነው ስላቸው፣ «ታዲያ ቢላዋው ለምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በጀርባቸው መተኛት ከተዉ ቆይተዋል፤ ሌሊት ሲተነፍሱ ያፏጫሉ። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅዬ የአየር ቧንቧቸው ወደ ጎን ተገፍቶ የጠበበበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው። እብጠቱ ካንሰር ባይሆንም መተንፈሻቸውን ተጭኖታል።

ቀደም ሲል «ክሮኒክ ነው» ተብለው ስለነበር የማይድን መስሏቸው ነበር። ክሮኒክ የሚለው ለወራትና ለዓመታት የቆየውን ነው፤ አኪዩት ደግሞ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣውን። ሁለቱም ስለ ጊዜ እንጂ ስለ ክብደት አይናገሩም፤ ጉንፋንም አኪዩት ነው። እኚህ እናት አንድ ሌሊት እብጠቱ በሰዓታት ውስጥ ተወጥሮ አሟቸው ነበር። በአልትራሳውንድ ሲታይ እብጠቱ ውስጥ ደም ፈስሷል። በቆየው ክሮኒክ እንቅርት ላይ አኪዩት ነገር ተደረበበት፣ ካንሰርም አልነበረም። እንዲህ ያለው ደም ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይመጠጣል። ትንፋሽ ካጠረ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ገብቷችኋል ወይ ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ፤ ሁሉም ሐኪሙን አክብሮ «አዎ» ይላል። ስለዚህ፣ «ቤት ሲገቡ ለልጅዎ ምን ይሏታል?» አልኳቸው።

«ካንሰር አይደለም፤ ግን ትንፋሼን ይዞታልና ይውጣ ብሎኛል እላታለሁ።»

ስለ ቀዶ ጥገናው፣ ስለ ድምፅ ነርቩና እንቅርቱ በሙሉ ከወጣ በየቀኑ ስለሚወሰደው ኪኒን መነጋገር የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው።