የታችኛው የዐይን ቆብ ቀለም

ካርዱ ኪስ ውስጥ ይገባል። ላዩ ላይ አምስት የበግ ዐይኖች በተርታ ታትመዋል። የመጀመሪያው ደም የመሰለ ቀይ ነው፤ ከዚያ እየደበዘዘ ሄዶ አምስተኛው ላይ ነጭ ይሆናል። ፋማቻ ይባላል፤ የተሠራው በደቡብ አፍሪካ ነው። ስሙም ሐሳቡን ካመነጩት የእንስሳት ሐኪም ከፋፋ ማላን የተወሰደ ነው።

ካርዱ የሚለካው በአራተኛው የጨጓራ ክፍል ተጣብቆ ደም የሚመጠው ሄሞንከስ የተባለው ትል ያደረሰውን ጉዳት ነው። አንዱ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ያባክናል፤ ጠብታ ናት። አንድ ሺህ ሲሆኑ ግን 50 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በየቀኑ የአንድ ቡና ስኒ ያህል ማለት ነው። ደሙ ሲሳሳ መጀመሪያ ከሚነጡት ቦታዎች አንዱ የቆቡ ውስጠኛ ሥጋ ነው።

አያያዙ ሙያ ይጠይቃል። በአንድ እጅ አውራ ጣት የላይኛውን ቆብ ዐይኑ ላይ መክደን፤ የላይኛው ሽፋሽፍት በጣቱ ላይ እስኪታጠፍ ድረስ በለስላሳው ወደ ውስጥ መጫን፤ በሌላው አውራ ጣት የታችኛውን ቆብ ወደ ታች መሳብ። ያን ጊዜ እርጥቡ ሥጋ ብቅ ይላል። የሚታየው እሱ ነው፤ የቆቡ ጠርዝ አይደለም። ብዙ ከቆየ በራሱ እየቀላ ስለሚሄድ ፈጥኖ ከካርዱ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ብርሃኑ የፀሐይ ይሁን፤ የመርማሪው ጥላም ዐይኑ ላይ አይረፍ። ሁለቱም ዐይን ይታያል። ቀለሙ በሁለት ቁጥሮች መካከል ከሆነ የነጣው ይወሰዳል።

1 እና 2 የሆነው መድኃኒት ሳይወስድ ይለቀቃል፤ 4 እና 5 የሆነው ይወስዳል። የሥራው ረቂቅነት ያለው 3 ላይ ነው። አንድ የደለበ ሙክትና አንዲት የምታጠባ በግ ሁለቱም 3 አገኙ እንበል። ሙክቱ ወደ መንጋው ይመለሳል። እናቲቱ ግን ጉልበቷን ለወተት እያዋለች ስለሆነ ትሉን የመቋቋም አቅሟ ተዳክሟል፤ መድኃኒት ይሰጣታል። ፍየልም ከበግ ይልቅ በትል ስለሚጠቃ 3 ሲሆን ማከሙ ይመረጣል።

ሙክቱን መተው ስስት አይደለም። በመንጋ ውስጥ አብዛኛውን ትል የሚሸከሙት ጥቂት እንስሳት ናቸው። ሁሉም ቢታከም የሚተርፈው መድኃኒቱን የለመደው ትል ብቻ ነው፤ መስኩን የሚሞላውም የእሱ ዘር ይሆናል። ያልታከመው ሙክት የሚጥለው እንቁላል ግን መድኃኒት የሚገድለውን ትል በመስኩ ያቆየዋል፤ የለመደውም በብዛት ይዋጣል።

ካርዱ የሚያታልልባቸው ጊዜያት አሉ። አቧራና የዐይን ሕመም የነጣውን ዐይን ቀይ ያስመስሉታል፤ የጉበት ትል ደግሞ ያለ ሄሞንከስ ያነጣዋል። ደም የማይመጡ የአንጀት ትሎች እያስቀመጡት ዐይኑ ቀይ የሆነ በግም አለ። ስለዚህ እጅ ከዐይን ወደ መንጋጋ ሥር ይወርዳል፤ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይፈልጋል። ከዚያ ጀርባን ይዳስሳል። ትሉ በሚበዛበት በዝናቡና በሙቀቱ ወቅት ምርመራው ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል። የዛሬው 2 በሚቀጥለው 4 ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።