ማን፣ መቼ፣ ምን አለ

ከዙም የሚወርደው የስብሰባ ጽሑፍ .vtt ፋይል ነው። የአንድ ሰው ንግግር በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚቆራረጥ ለንባብ አይመችም፦

```
41
00:12:04.310 --> 00:12:07.890
ሒሳብ ክፍል: ክፍያው ከ3:30 በፊት ይግባ
```

ቪኤስ ኮድ ላይ በሬጌክስ «ፈልግና ተካ» ሲባል ግን ሦስቱ መስመር አንድ ረድፍ ይሆናል፦

```
\d+\n(\d\d:\d\d:\d\d)\.\d+ --> .*\n([^:\n]+): (.*)
$2\t$1\t$3
```

የምወድለት ጥንቃቄውን ነው። ስምን ከንግግር የሚለየው ባዶ ቦታ በሚከተለው ሁለት ነጥብ ብቻ ስለሆነ «3:30»ን አይነካትም። ስም የሌለው መስመር ደግሞ ሳይቀየር ይቀራል፤ ምን እንዳመለጠ ወዲያው ይታያል። በታብ የተለየውን ጽሑፍ ኤክሴል ላይ ሲለጥፉት ራሱ ሦስት ዓምድ ይይዛል።

ከዚያ የአንድ ተናጋሪ ተከታታይ ረድፎች የመጀመሪያውን ሰዓት ይዘው ይዋሃዳሉ። መሐል ሌላ ሰው ከገባ ግን አላዋህድም። የሰብሳቢው አጭር «እሺ» ውሳኔው የጸደቀበት ቅጽበት ሊሆን ይችላል፤ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚጥሏትም እሷን ነው።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ቀረጻው ከተጀመረበት ነው፤ ረፋድ 4:00 ላይ ከተጀመረ ከላይ ያለው የሒሳብ ክፍል ንግግር የ4:12 ነው። አዳራሽ ውስጥ በአንድ ማይክ የተናገሩ አምስት ሰዎች ግን ሁሉም በአንድ ስም ይመዘገባሉ፤ እነሱን ለመለየት ቀረጻውን በጆሮ መስማት ግድ ነው።