የበጀት ቻርት ሲመዘን

የወረዳ በጀትን በማስታወቂያ ሰሌዳ ለሕዝብ የመለጠፍ ልማድ በአገራችን የተስፋፋው በ1998 ዓ.ም. ከተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ጋር ነው። የበጀት ሠንጠረዡ በቻርት ታጅቦ የሚቀርብበት ጊዜም አለ። ሶዶ ከተማ ላይ በሚቀርብ የዞን ሪፖርትም ሆነ በአንድ የገጠር ወረዳ ሰሌዳ ላይ፣ ቻርቱን የምመዝንበት ጥያቄ አንድ ነው፤ የተፈቀደው ገንዘብ ከታቀደለት ሥራ ወዴት እንደዞረ ያሳያል ወይ?

ለማሳያ ብቻ የተሰናዳ የወረዳ በጀት እንውሰድ። የጸደቀው 200 ሚሊዮን ብር ነው፤ ለደመወዝ 145፣ ለሥራ ማስኬጃ 25፣ ለካፒታል 30። ሰኔ 30 ሒሳቡ ሲዘጋ ደመወዝ 150፣ ሥራ ማስኬጃ 32፣ ካፒታል 20፣ በድምሩ 202 ሚሊዮን ወጥቷል። ይህን በሁለት ድርብርብ ባሮች ጎን ለጎን ብናቆመው ቁመታቸው እኩል ሊባል ምንም አይቀረውም፤ ተመልካቹም «እንደ ዕቅዱ ሄዷል» ብሎ ያልፋል። ከዜሮ መስመር የሚነሳው የታችኛው ክፍል፣ ማለትም ደመወዙ ብቻ ነው። ካፒታሉ ከላይ ተንጠልጥሎ፣ መነሻውም መድረሻውም ስለሚለያይ፣ ሲሶው መቅረቱን ዓይን በቀላሉ አይለየውም። ለመንገድና ለውኃ ግንባታ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ከዚሁ ክፍል ነው። ድርብርብ ባር ድርሻን ለማሳየት ጥሩ ነው፤ ለውጥን ለማስረዳት ግን ይደክማል።

ዋተርፎል ቻርት ይህንኑ በደረጃ ይገልጠዋል፦ ከ200 ይነሳል፣ በደመወዝ 5፣ በሥራ ማስኬጃ 7 ይወጣል፣ በካፒታል 10 ይወርዳል፣ 202 ላይ ያርፋል። ደረጃዎቹ ተደምረው ከመጨረሻው ባር ጋር ካልገጠሙ ሥራው ውድቅ ነው። በኤክሴል የተለመደው ስህተት የመጨረሻውን ባር `Set as total` አለማድረግ ነው፤ ያኔ 202ቱ በ202 ላይ ተቆልሎ ቻርቱ እስከ 404 ይደርሳል።

«ደረጃዎቹ በጣም ያንሳሉ» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነትም አለው። 200 ሚሊዮኑን በ20 ሴንቲ ሜትር ብንስለው የካፒታሉ ቅናሽ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ብዙዎች መስመሩን ከ180 በማስጀመር ሊያጎሉት ይሞክራሉ፤ እኔ አልቀበለውም፤ ምክንያቱም የ200 እና የ202 ባሮች ቁመት 20 ለ22 ሆኖ፣ የ1 በመቶው ልዩነት 10 በመቶ ይመስላል። የሚሻለው ሁለቱን ጠቅላላ ባሮች ትቶ ልዩነቶቹን ብቻ ከዜሮ መስመር ወደ ላይና ወደ ታች መሳል፣ ጠቅላላዎቹን በቁጥር መጻፍ ነው።

«አርሶ አደሩ ዋተርፎል ማንበብ አልለመደም» የሚሉም አሉ። በየደረጃው ላይ የብሩ መጠንና አጭር ምክንያት ቢጻፍለት ግን ማንም ይከተለዋል። ምክንያቱን ቻርቱ ከራሱ አያወጣም፤ ጨረታ ዘግይቶ ይሁን ገንዘቡ ተዛውሮ፣ መጻፍ ያለበት የሒሳብ ሠራተኛው ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ፊት የምትቆሙ ሁሉ፣ ከካፒታሉ ደረጃ አጠገብ ምክንያት ተጽፎ ካላያችሁ ገብታችሁ ጠይቁ።