«አይጨምርም» የምትለው መስመር

የቃለ መጠይቁ መምሪያ ጥቂት ገጾች ብቻ ነው፤ የኮድ መዝገቡም ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ያዘጋጀችው ተመራማሪ ልታነጋግር ያሰበችው ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ባሉ የእስቴ ገጠር ቀበሌዎች የመጀመሪያ ዓመታቸውን የሚያስተምሩ መምህራንን ነው። ረቂቁን ሳነብ ከሁሉ በፊት የሳበኝ የተሰረዘው ጥያቄ ነበር፦ «በመጀመሪያው ዓመት ምን ምን ችግሮች አጋጠሙዎት?»

መሰረዙ ትክክል ነው። ጥያቄው ዓመቱ የችግር ዓመት እንደነበር አስቀድሞ ፈርዷል። መልሱም የታወቀ ነው፦ የመጽሐፍ እጥረት፣ የተማሪ ብዛት፣ የደመወዝ ማነስ። በየስብሰባው የሚነሱት እነዚሁ ናቸው። ደብተር ይዞ ከውጭ የመጣ ሰው ደግሞ ሱፐርቫይዘር ስለሚመስል ጀማሪው ወይ ይህንን ዝርዝር ይደግምለታል፣ ወይ «ደህና ነው» ብሎ ይሸኘዋል። በተሰረዘው ቦታ የገባው እንዲህ ይላል፦ «እስኪ የምደባ ደብዳቤውን ከተቀበሉበት ሰዓት ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ግቢ እስኪገቡ ድረስ የሆነውን ይንገሩኝ።» ከሥሩም ሁለት አጫጭር ማውጣጫዎች አሉ፦ «መጀመሪያ ያናገረዎት ማን ነው?» እና «ያን ሌሊት የት አደሩ?»

ሁለተኛዋን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳት። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ እራት፣ ስለ አስጠጊ፣ ስለ ብቸኝነት አንድም ቃል አልጠየቀችም፤ ግን ሁሉም በእሷ በኩል ይመጣሉ። እዚያው ቀበሌ ተወልዶ ያደገ መምህርም አትዘጋበትም። «እናቴ ቤት» ብሎ ይጀምርና ትናንት በልጅነቱ የሚያውቁት ወላጆች ዛሬ «መምህር» ብለው እንዴት እንደተቀበሉት ወደ መናገር ያልፋል።

ከዚያ የአማካሪው ጉዳይ ይከተላል። በአገራችን ሥርዓት ጀማሪ መምህር የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ አለው፤ ልምድ ያለው መምህር አማካሪ ሆኖ ይመደብለታል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ማኅደር ይከፈታል። «አማካሪዎ ይረዱዎታል?» ቢባል «አይረዱኝም» ማለት ታላቅ ባልደረባን መክሰስ ስለሚሆን መልሱ «አዎ» ነው። ረቂቁ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «ከአማካሪዎ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገራችሁት መቼ ነበር? ስለ ምን?» ማንም አይከሰስም፣ ማንም አይመሰገንም። አንድ ቀን ብቻ ይነገራል፤ ቀኑ ካልታወሰም አለመታወሱ ራሱ መረጃ ነው።

የኮድ መዝገቡ የተሠራው ካትሊን ማክዊንና ባልደረቦቿ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት አደረጃጀት ነው፦ የኮዱ ስም፣ አጭር ፍቺ፣ ሙሉ ፍቺ፣ የሚውልበት፣ የማይውልበት፣ ምሳሌ። ብዙ ጀማሪ ተመራማሪ ስምና ፍቺ ጽፎ ያቆማል። የዚህ መዝገብ ጥበብ ያለው «አይጨምርም» በሚለው መስመር ላይ ነው። «አማካሪ በወረቀት» የሚለውን ኮድ እንይ። አማካሪ እንደተመደበ ወይም ቅጽ እንደተሞላ ተነግሮ ስለ ማስተማር የተደረገ ንግግር ወይም የክፍል ምልከታ ሳይኖር ሲቀር ይውላል። አማካሪ ጨርሶ ላልተመደበለት አይውልም፤ ያ «አማካሪ የለም» ነው። አማካሪ ያልሆነ ባልደረባ ሲረዳም አይውልም፤ ያ «የጎን እርዳታ» ነው።

አሁን እንዲህ ያለ መልስ ቢመጣስ፦ «አማካሪ አለኝ፣ ቅጹንም ሞልተናል፤ ሲከብደኝ ግን የምጠይቃት ከጎኔ ክፍል የምታስተምረውን ነው።» አንዱ ኮድ ሰጪ ሙሉውን «አማካሪ በወረቀት» ይለዋል፣ ሌላው ሙሉውን «የጎን እርዳታ»። መዝገቡ ሐሳቡ ሲዞር ቁራጩም ይቆረጥ ይላል፤ ስለዚህ ከ«ሲከብደኝ» በፊት አንድ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ኮድ ይሰጣል። «አይጨምርም» የሚለው መስመር ባይኖር በወረቀት ያለው እርዳታና በእውን ያለው እርዳታ በአንድ ስም ይቀበሩ ነበር።

ተመራማሪዋ የኮድ ሰጪዎቹን ስምምነት የምትለካውም በመቶኛ ብቻ አይደለም፤ ልክ ነች። ሁለት ኮድ ሰጪዎች 50 ቁራጮች አንብበው እያንዳንዳቸው ኮዱን ለ8 ሰጡ እንበል፤ ከነዚህ 5ቱ የጋራ ናቸው። በ39ኙ ላይ ሁለቱም ኮዱን ስላልሰጡ በ44ቱ ተስማምተዋል፤ 88 በመቶ። ኮዱ ግን ብርቅ በመሆኑ አብዛኛው ስምምነት «የለም» ከሚባሉት የመጣ ነው። በአጋጣሚ የሚገኘውን ስምምነት የሚቀንሰው የኮኸን ካፓ 0.55 ገደማ ብቻ ይሰጣል። ይህን ጊዜ እሷ ቁጥሩን ለማሳመር ኮድ ሰጪዎቹን አታግባባም፤ የተለያዩባቸውን 6 ቁራጮች ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ «አይጨምርም» የሚለውን መስመር ትመረምራለች።

በመዝገቡ ዳር አንዲት ጠባብ ዓምድ አለች፤ ፍቺው የተለወጠበት ቀን የሚሰፍርባት። ከዚያ ቀን በፊት ኮድ የተሰጣቸው ቃለ መጠይቆች ሁሉ ተመልሰው በአዲሱ ፍቺ ይነበባሉ።