ያልሰማችውን የማትጽፍ፣ የሰማችውንም የማትጨምር

በወላይታ ዞን ዱጉና ፋንጎ ወረዳ፣ ዲምቱ ውስጥ፣ የአንድ ሁለገብ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ሁለት መዝገብ ትይዛለች። አንደኛው እንደማንኛውም ማኅበር የቃለ ጉባኤ መዝገብ ነው። ሁለተኛውን ራሷ አስምራ ያዘጋጀችው ሲሆን ከየቃለ ጉባኤው ውሳኔውን፣ የተሰጠውን ድምፅና ሥራው የተጣለበትን ሰው እያወጣች የምታሰፍርበት የውሳኔ መዝገብ ነው። እንዳየው ፈቅደውልኛል። የአባላት ጉዳይ ስላለበት ቁጥሮቹንና ቀኖቹን ቀይሬ ነው የምጽፈው፤ አሠራሩን ግን አልነካሁትም።

መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ተራ ቁጥሩ ነው። ስብሰባ በተቀየረ ቁጥር ከአንድ አይጀምርም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይቀጥላል፤ ስለዚህ «ውሳኔ 041» ከተባለ አንድ ብቻ ነው። ከጎኑ የቃለ ጉባኤው ቁጥር፣ ገጹና መስመሩ ተጽፏል። ቀጥሎ ሁለት ዓምዶች አሉ። በመጀመሪያው የውሳኔው ዐረፍተ ነገር ከነስህተቱ እንዳለ ይገለበጣል፤ በሁለተኛው ጸሐፊዋ ከዚያ የተረዳችው ይጻፋል። ሁለቱን ማለያየቷ ትልቁ ብልሃቷ ነው እላለሁ። አንብቦ የሚጠራጠር ሰው የጉባኤው ቃል የት እንዳበቃ፣ የእሷ ንባብ የት እንደጀመረ ያያል።

ነገሩ በአንድ ምሳሌ ይገባል። የጥር 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል፦ «ኮሚቴው በሰፊው ከተወያየ በኋላ የበቆሎ ማከማቻው ጣሪያ ከዝናብ በፊት እንዲጠገን፣ ዋጋም ከሶዶ እንዲጠየቅ፣ ወጪውም ከ40,000 ብር እንዳይበልጥ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» ብዙ ጸሐፊ ይህን በአንድ ሳጥን ውስጥ ገልብጦ ይሄዳል። እሷ ግን ትከፍለዋለች። ጣሪያው ይጠገን የሚለው ውሳኔ 041 ሆነ። የ40,000 ብሩ ወሰን ሥራ ሳይሆን ገደብ ስለሆነ ከ041 ጋር ተያይዞ ይቀራል እንጂ የራሱ መስመር አይሰጠውም። ዋጋ መጠየቁ 041/ሀ፣ ጥገናው ራሱ 041/ለ ተባሉ፤ በ041/ለ ጎንም «041/ሀ ሳያልቅ አይጀመርም» የሚል ማስታወሻ አለ።

ቀጥሎ «እስከ መቼ» የሚለው ሳጥን ይመጣል። ከዝናብ በፊት ሲባል ከየትኛው ዝናብ? በወላይታ የበልጉ ዝናብ ከየካቲትና መጋቢት ጀምሮ ይጠበቃል፤ ክረምቱ ደግሞ ሰኔ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል አንድ የበቆሎ ክምችት ሙሉ በሙሉ ሊበሰብስ ይችላል። ጸሐፊዋ «በልግ?» ብላ በእርሳስ ጻፈች። የጥያቄ ምልክቷን ልብ ይሏል።

«ኃላፊ» የሚለው ሳጥን ግን ባዶ ነው። በቃለ ጉባኤው ዋጋው «እንዲጠየቅ» ተባለ እንጂ ማን እንደሚጠይቅ አልተጻፈም። እዚህ ላይ የቦታው ነገር ይገባበታል፤ ክርክሩ የሚካሄደው በወላይትኛ ነው፣ ቃለ ጉባኤው የሚጻፈው በአማርኛ። አንድ አባል በራሱ ቋንቋ «ሶዶ ስሄድ እኔ እጠይቃለሁ» ብሎ ነበር፤ ወደ ጽሑፉ ሲሻገር ሰውየው ጠፋና ሥራው ብቻ ቀረ። ቃለ ጉባኤውን የጻፈችው ራሷ ናት፣ ንግግሩንም በጆሮዋ ሰምታለች። ታዲያ የሰውየውን ስም ለምን አትሞላውም? አልሞላችውም። የተፈረመው ወረቀት ላይ የሌለን ኃላፊነት በማንም ላይ አትጭንም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በተደረገው ስብሰባ፣ ወደ አዲሱ አጀንዳ ከመገባቱ በፊት ባዶ ሳጥኖቿን አነበበች።

«ጋሼ፣ የጣሪያውን ዋጋ ማን ነው የሚጠይቀው?»

«የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ነው እንጂ» አሉ ሰብሳቢው።

እጠይቃለሁ ያለው አባል ቀና ብሎ አያቸው። ሰብሳቢው ሌላ ሰው ሲጠብቁ፣ ግምጃ ቤት ኃላፊው ጨርሶ አልሰማም። ከጥቂት ክርክር በኋላ ሥራው ለአባሉ ተሰጠ፤ ዝናቡም የበልጉ መሆኑ ተረጋገጠ፣ እስከ የካቲት 20 ተባለ። ሁለቱም ወደ መዝገቡ ሲገቡ ምንጫቸው የአዲሱ ቃለ ጉባኤ ቁጥር ሆኖ ነው። ያን ዕለት ስሙን ከጆሮዋ ሞልታው ቢሆን ኖሮ ሰብሳቢው የተሳሳተ ሰው መጠበቃቸውን ማንም አያውቅም ነበር።

የድምፁ አያያዝ ከዚህ የረቀቀ ነው። በዚያው ስብሰባ ለአንድ አባል የማዳበሪያ ብድር እንዲራዘም «በሙሉ ድምፅ» ተወሰነ ይላል ጽሑፉ። ኮሚቴው 7 ሰው ነው፤ የተገኙት 5 ነበሩ። ጠያቂው የአንዱ ወንድም ስለሆነ ያ ሰው ከክፍሉ ወጣ። 3ቱ ደገፉ፣ አንዱ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። መዝገቡ «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን በመጀመሪያው ዓምድ እንዳለ ገልብጦ በሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ ድጋፍ 3፣ ተቃውሞ 0፣ ተአቅቦ 1፣ በዝምድና የወጣ 1፣ ያልተገኙ 2። እነዚህን ቁጥሮች ከየት አመጣቻቸው? ከዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ፣ ከስም ዝርዝሩና ከውይይቱ መካከል ለቅማ ነው። በመተዳደሪያ ደንባቸው ምልዓተ ጉባኤ ከግማሽ በላይ ማለትም 4 ሰው ነው። እንግዲህ አንዱ ሲወጣ ልክ 4 ቀሩ። ሌላ አንድ ሰው ስልክ ሊያነሳ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ውሳኔው ይፈርስ ነበር። «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ሐረግ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል፤ የቁጥጥር ኮሚቴው ወይም ኦዲተሩ የሚፈልገው ደግሞ የተሸፈነውን ነው።

ዋጋው ሲመጣ 52,000 ብር ሆነ፤ ኮሚቴውም በየካቲት ገደቡን ከፍ አደረገ። ይህ ውሳኔ 047 ነው። አሮጌው መስመር አልተሰረዘም፣ አልተደለዘም። ከ041 ኅዳግ ላይ «የወጪ ገደቡ ብቻ በ047 ተሻሽሏል» ተጽፏል። «ብቻ» የምትለው ቃል ባትኖር አንዱ ተነስቶ ጥገናው ራሱ እንደገና ተወስኗል፣ ኃላፊውም ተቀይሯል ሊል ይችላል።

ከመዝገቡ ጀርባ ደግሞ ሌላ ዝርዝር አለች፤ እኔ ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው። «ሊታሰብበት ይገባል ተባለ»፣ «አቅጣጫ ተቀመጠ»፣ «ለቀጣይ ይታይ» የሚሉት ሁሉ የሚገቡት እዚያ ነው። ውሳኔ ስላልሆኑ ተራ ቁጥር አያገኙም፤ ተረስተውም አይቀሩም። ለአንድ ጉዳይ ሦስት ጊዜ «አቅጣጫ» ተቀምጦለት ሳይወሰን ሲቀር ቀኖቹ ተደርድረው ይታያሉ፣ ሰብሳቢውም ያፍራሉ።

ሥራዋን የምትፈትሸው ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰች ነው። መጀመሪያ ከመዝገቡ ወደ ቃለ ጉባኤው ሄዳ እያንዳንዱ መስመር ምንጭ እንዳለው ታያለች። ከዚያ ተመልሳ ቃለ ጉባኤውን ከላይ እስከ ታች እያነበበች «ተወስኗል» ባለበት ሁሉ የመዝገቡን ቁጥር በኅዳጉ ላይ በቀይ ታስቀምጣለች። የመጀመሪያው ፍተሻ የተፈጠረ ውሳኔን ያጋልጣል፣ ሁለተኛው የተዘለለን። ቃለ ጉባኤው በአባላቱ ፊርማ እስኪጸድቅ ድረስ መስመሩ በእርሳስ ይቆያል። «ተፈጽሟል» የሚለውም በአፍ ስለተነገረ አይጻፍም፤ የደረሰኝ ወይም የርክክብ ሰነድ ቁጥር ይጠየቃል።

ጉድለት አላገኘሁበትም አልልም። መዝገቡ በጉባኤ ቅደም ተከተል ስለሆነ አንድ ሰው በእጁ ስንት ያላለቀ ሥራ እንዳለ ለማወቅ ገጾቹን ሁሉ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ጸሐፊዋ ከየስብሰባው በፊት ለእያንዳንዱ አባል ክፍት የሆኑ ቁጥሮቹን በቁራጭ ወረቀት እየገለበጠች ትሰጣለች፤ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። መዝገቡ መጨረሻ ላይ ለየሰው አንድ ገጽ ተከፍቶ ቁጥሮቹ ብቻ ቢመዘገቡበት ድካሙ ይቀል ነበር። ነገርኳት፤ የሚቀጥለውን መዝገብ ስትከፍት ከኋላ ሰባት ገጽ ልትተው አስባለች።