ገበያው ሲተኛ፣ ሰፈሩ ሳይተኛ ሲያድር

«ኡስታዝ፣ እዚህ ላይ መመሳሰያው የቱ ነው?» አለኝ፣ ነሕውና ሰርፉን ወሎ ጨርሶ በላጋ ሊቀራ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር የመጣ ደረሳ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት «አስ-ሰጃና ለም ተነም» የሚል ነበር፤ ሳጃና አልተኛችም። ሰፈሩ ውስጥ ሠርግ ባደረ ማግስት ማንም የሚለው ነገር ነው። ልጁ ግን ሰፈሩ ከምን ጋር እንደተመሳሰለ ሲያስስ ላብ አጥምቆታል።

መመሳሰያ የለውም። ያልተኙት ነዋሪዎቹ ናቸው፤ የተጠራው ቦታው ነው። ስሙ ከቦታ ወደ ነዋሪ የተሻገረው በመመሳሰል ሳይሆን በጉርብትና ነው። ይህ መጃዝ ሙርሰል ነው፣ ዐላቃውም መሐሊያ።

በልጁ አልፈርድም፤ የምፈርደው በአስተማሪዎቹ ነው። ብዙዎቻችን ከተሽቢህ እንጀምርና አራቱን ምሰሶዎች አንድ በአንድ እያነሳን ኢስቲዓራ ላይ እንደርሳለን። ለኢስቲዓራ ይህ ትክክል ነው፤ አንድ ወገኑ የተሰወረ ተሽቢህ ነውና። ግን ተማሪው መጃዝ ሙርሰልንም የዚያው መሰላል የመጨረሻ እርከን ያደርገዋል። ዐብዱልቃሂር አል-ጁርጃኒ በ11ኛው መቶ ዘመን «አስራሩል በላጋ» ላይ በመመሳሰል የቆመውን መጃዝ ከሌላው ለይቶት ሳለ፣ እኛ መልሰን እናቀላቅለዋለን። እኔ መጃዝ ሙርሰልን አስቀድማለሁ። ባልደረቦቼ ቅደም ተከተል አፋለስክ ይሉኛል፤ ይበሉ።

ሳጃና የብረት፣ የእንጨትና የሲሚንቶ ገበያ አላት። ሥራ ሲቀዘቅዝ ነጋዴው «አስ-ሱቅ ናይም» ይላል፤ ገበያው ተኝቷል። እንቅልፉ ያው እንቅልፍ ነው፣ ተጠሪውም እንደ ሰፈሩ ቦታ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼ ሁለቱንም በአንድ መዝገብ ያሰፍሯቸዋል። እኔ «አህል» የሚለውን ቃል ከፊታቸው እንዲያስገቡ አዛቸዋለሁ። «የሳጃና ሰዎች አልተኙም» ስንል ነገሩ እውነት ሆኖ ይቀጥላል። «የገበያው ሰዎች ተኝተዋል» ስንል ግን ውሸት ይሆናል፤ ነጋዴዎቹ ዐይናቸውን አፍጥጠው ሻይ እየጠጡ ነው። ታዲያ የተሻገረው የቦታው ስም አይደለም። የሥራው መቀዝቀዝ በእንቅልፍ ተመስሎ «ናይም» በሚለው ቃል ላይ አረፈ፤ ይህ ኢስቲዓራ ተበዒያ ነው።

ፈተናው ግን ወሰን አለው። «አህል» ቢገባም ዓረፍተ ነገሩ ገና ሁለት መንገድ ሊይዝ ይችላል፤ ያኔ የሚፈርደው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ጸሐፊው «ሱመ ቃሙ ኢላ አዕማሊሂም»፣ ማለትም «ከዚያም ወደ ሥራቸው ተነሡ» ብሎ ከቀጠለ፣ ብዙ ቁጥሩ ሰዎቹን አወጣቸው፤ መጃዝ ሙርሰል ነው። «ወሂየ ተፍሩኩ ዐይነይሃ»፣ «ዐይኖቿን እያሸች» ካለ ግን ሰፈሯ ራሷ ሴት ሆናለች፤ ኢስቲዓራ መክኒያ ነው። ተማሪ አንዱን ዓረፍተ ነገር ቆርጦ አውጥቶ ስም እንዲለጥፍበት የሚያዝ መልመጃ የምጠላው ለዚህ ነው። ቀሪናው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከተቆረጠው ወዲያ ነው።

ቀስቃሽ ተማሪ ሦስተኛ መልስ ይዞ ይመጣል፦ ቃሉ ሁሉ በቦታው ነው፣ የተዛወረው ድርጊቱ ለማን እንደተሰጠ ብቻ ነው፣ ስለዚህ መጃዝ ዐቅሊ ነው ይላል። ጥሩ ይላል። አስ-ሰካኪ ይህን ክፍል አልቀበልም ብሎ ወደ ኢስቲዓራ መክኒያ ጠቅልሎታል፤ አል-ቀዝዊኒም ተቃውሞታል። ለኔ ክርክሩ የሚጠቅመው ለምርመራ እንጂ ለድል አይደለም። ሰም ለበስ ቅኔ ሰምቶ ያደገ ተማሪ ደግሞ ሁሉንም «ሰምና ወርቅ ነው» ብሎ ሊገላገል ይሞክራል። አንድ ቃል ሁለት ፍች ይዞ ሩቁ ሲፈለግ ተውሪያ ነው፤ እሱ ሌላ ወንበር ላይ የሚቀራ ነው።

ሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ካርቱም ላይ ከተነሣ ወዲህ የማስተምረው አዲስ አበባ ነው። ከሳጃና የተበተኑት ተማሪዎቼ አንዳንዴ ይጽፉልኛል። በቅርቡ ከአንዱ ሁለት ቃል ብቻ ደረሰኝ፦ «ረጀዐት አስ-ሰጃና»፤ ሳጃና ተመለሰች። ቀጥሎ ተውላጠ ስም ፈለግሁ፤ የለም። ሰዎቹ ናቸው የተመለሱት ወይስ የገበያው ጫጫታ ከስደት እንደገባ ሰው ተቆጥሮ ነው? «ማን ማን?» ብዬ ጻፍኩለት። አንድ ብረት ሻጭ፣ ሁለት ሲት ሻይና የመስጊዱ ሙአዚን መሆናቸውን ነገረኝ። ሌሎቹ ሱቆች እንደተዘጉ ናቸው። እንግዲህ መጃዝ ሙርሰል ነው፤ ግን መሐሊያ ብቻውን አይበቃውም። ሰፈሩ ለነዋሪው ከቆመ በኋላ፣ ነዋሪው ሁሉ ደግሞ ለአራት ሰው ቆሟል፤ ሙሉው ለከፊሉ፣ ኩሊያ። ዐላቃ በዐላቃ ላይ ሲነባበር ምሳሌ ስጠን ለሚሉኝ ደረሶች አሁን የምሰጠው ይህን ነው።